ሁለተኛው ሰንጠረዥ፦ የህንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ከጋብቻ በፊት ናቫምሻን ለምን ያያሉ?

በአማርኛ የተተረጎሙ የህንድ ተከታታይ ድራማዎችን የሚከታተሉ ከሆነ ይህን ትዕይንት ሳያዩት አልቀሩም። የልጅቷ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ሻይ ቀርቧል፣ የወንዱ ወገኖች ተሰብስበዋል፤ ግንባሩን የተቀባ አንድ አዛውንት በካሬዎች የተከፋፈለ ወረቀት ዘርግቶ ያያል፣ በጣቶቹ ይቆጥራል፣ ከዚያም ዝም ይላል። የእናትየው ፊት ይለዋወጣል። ቀጥሎ የምንሰማው «ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለውን ነው። ሰውየው ምን ቆጥሮ ምን እንዳገኘ ግን ድራማው አይነግረንም።

በእጁ የያዘው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰንጠረዥ አለው። በተለይ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱና በኬራላ፣ የአንድ ልጅ የልደት ወረቀት ሲዘጋጅ ሁለቱ ካሬዎች ጎን ለጎን ይሣላሉ። አንደኛው «ራሺ» ይባላል፤ ልጁ በተወለደበት ቅጽበት ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በየትኛው ኮከብ እንደነበሩ ያሳያል። ሁለተኛው ናቫምሻ ነው። ናቫ ማለት በሳንስክሪት ዘጠኝ፣ አምሻ ማለት ክፍል ነው፤ ሲገጠም «ዘጠነኛ ክፍል» ይሆናል። በስልክ መተግበሪያዎች ላይ D9 ተብሎ የሚገኘውም ይኸው ነው። ስለ ትዳር የተጠየቀ ህንዳዊ ኮከብ ቆጣሪ የመጀመሪያውን አይቶ ብቻ መልስ ከሰጠ፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች በችኮላው ይታዘቡታል።

አሠራሩን ለመረዳት የአሥራ ሁለቱን ኮከቦች ስም ከእኛው አውደ ነገሥት እንዋስ፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለው፣ ሑት። ህንዶቹም እነዚሁ አሥራ ሁለት አሏቸው። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ይቀንሳል። በእኛ ሐሳበ ከዋክብት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ይገደፋሉ፤ ስለዚህ የተወለደበት ሰዓት ባይታወቅም ኮከቡ ይገኛል። የህንዱ ቆጠራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በልደት ቅጽበትና ቦታ ላይ የቆመ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

እያንዳንዱ ኮከብ በሰማይ ላይ 30 ዲግሪ ይይዛል። 30ን ለዘጠኝ ሲያካፍሉ እያንዳንዱ ክፍል 3 ዲግሪ ከሲሶ ይሆናል። አሥራ ሁለት ጊዜ ዘጠኝ 108 ነው፤ ይህ ቁጥር በህንድ ባህል የተከበረ ሲሆን የጸሎት መቁጠሪያቸውም 108 ፍሬ አለው። እያንዳንዷ ትንሽ ክፍል ራሷን የቻለች አንድ ኮከብ ተሰጥቷታል። የሚሰጠውም በቅደም ተከተል ነው፤ የእሳት ኮከቦች ቆጠራቸውን ከሐመል ይጀምራሉ፣ የመሬት ኮከቦች ከጀዲ፣ የነፋስ ኮከቦች ከሚዛን፣ የውኃ ኮከቦች ከሸርጣን። ይኸው ነው። እንግዲህ ናቫምሻ አዲስ የሰማይ ምልከታ አይደለም፤ ያንኑ ሰማይ በአጉሊ መነጽር እንደማየት ነው።

አሁን አንድ አባት ፊት ሁለት ወረቀት እናስቀምጥ። ምሳሌው እኔ ለማስረጃ ያዘጋጀሁት ነው፤ ቁጥሮቹ ግን በዘርፉ ሕግ መሠረት የተሰሉ ናቸው። አባትየው ልጃቸውን ለመዳር ሁለት ወጣቶች ቀርበውላቸዋል። ለወንድ ልጅ ሚስትንና የትዳር ደስታን ታመለክታለች የምትባለው ፕላኔት ቬኑስ ስለሆነች ኮከብ ቆጣሪው ዓይኑን እሷ ላይ ይጥላል።

የመጀመሪያው ወጣት ሲወለድ ቬኑስ በሑት ውስጥ 8 ዲግሪ ላይ ነበረች። ሑት የቬኑስ የከፍታ ቦታ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ፕላኔቶች ሁሉ እንደ ንጉሥ የሚከበሩበት አንድ ኮከብ፣ ከዚያም ትይዩ እንደ ስደተኛ የሚዋረዱበት ሌላ ኮከብ አላቸው። ይባስ ብሎ፣ ወይም ይሻል ብሎ፣ ወጣቱ ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ ብቅ ትል የነበረችው ኮከብ ሰንቡላ ናት። ይህቺ በአድማስ የምትወጣ ኮከብ «ላግና» ትባላለች፤ የሰንጠረዡ ቤቶች ሁሉ ከእሷ ይቆጠራሉ። ሰንቡላን አንድ ብለው ሲቆጥሩ ሰባተኛው ሑት ነው። ሰባተኛው ቤት የትዳር ቤት ነው። ስለዚህ የትዳር ፕላኔት በከፍታዋ ላይ ሆና በትዳር ቤት ተቀምጣለች። ድግሱ ሊጠነሰስ ምንም አልቀረውም።

የሁለተኛው ወጣት ወረቀት ደግሞ ያሳዝናል። የእሱ ቬኑስ በሰንቡላ 8 ዲግሪ ላይ ናት፤ ሰንቡላ የውድቀቷ ቦታ ነው። ራሺውን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ወጣት በትሕትና ይሸኘዋል።

አሁን ሁለተኛውን ሰንጠረዥ እንመልከት። ሑት የውኃ ኮከብ ስለሆነ ቆጠራው ከሸርጣን ይጀምራል። ከ0 እስከ 3 ዲግሪ ከሲሶ ያለው ክፍል የሸርጣን ነው፤ ከዚያ እስከ 6 ዲግሪ ከሁለት ሲሶ ያለው የአሰድ፤ ከዚያ እስከ 10 ዲግሪ ያለው የሰንቡላ። የመጀመሪያው ወጣት ቬኑስ 8 ዲግሪ ላይ ስለነበረች በናቫምሻ ሰንቡላ ውስጥ ትገባለች። በትልቁ ሰንጠረዥ የነገሠችው ፕላኔት በትንሹ ወድቃለች ማለት ነው።

ለሁለተኛውም እንዲሁ እንቁጠር። ሰንቡላ የመሬት ኮከብ ነው፤ ቆጠራው ከጀዲ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ደለው፣ ሦስተኛው ሑት። 8 ዲግሪ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው። የእሱ ቬኑስ በናቫምሻ ሑት ላይ፣ ከፍታዋ ላይ ተቀምጣለች። የተናቀው ወጣት ከሥር ያለው ዕቃ ብርቱ ሆኖ ተገኘ።

ኮከብ ቆጣሪዎቹ ይህን ሲያስረዱ ራሺውን ዛፍ፣ ናቫምሻውን ፍሬ ይሉታል። ዛፉ ለምለም ሆኖ ፍሬው ሊመር ይችላል፤ ጎባጣ ዛፍም ጣፋጭ ፍሬ ይሰጣል። በእነሱ ንባብ የመጀመሪያው ወጣት ትዳር ሠርጉ የሚያምር፣ ውስጡ ግን የተጠበቀውን ያህል የማይሞላ ይሆናል። የሁለተኛው ዘግይቶና ተንገራግጮ ይጀምራል፣ እየቆየ ይበስላል። ብዙዎቹ በራሺ የወደቀ ፕላኔት በናቫምሻ ከፍ ካለ ውድቀቱ እንደተሻረ ይቆጥሩታል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አንድ ፕላኔት በሁለቱም ሰንጠረዦች በአንድ ኮከብ ላይ ሲገኝ «ቫርጎታማ» ይባላል፤ ቃሉም ተግባሩም የጸና ነው እንደሚባል ሰው ይታያል። የሑት የመጨረሻው ክፍል የሑት የራሱ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ወጣት ከሁለት ሳምንት ትንሽ ዘግይቶ፣ ቬኑስ 27 ዲግሪ ስትደርስ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ፣ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ያበራ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ማጣራት በኮከብ ቆጣሪው ስሜት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሚዛን ተቀምጦለታል። በፓራሻራ ስም የሚጠራው ብሪሃት ፓራሻራ ሆራ ሻስትራ የሚባለው መጽሐፍ የፕላኔትን ጥንካሬ ከ20 ነጥብ የሚመዝንበት ዘዴ አለው። ስድስት ሰንጠረዦች ሲወሰዱ ራሺ 6 ነጥብ፣ ናቫምሻ 5 ነጥብ ይይዛሉ፤ ቀሪውን 9 ነጥብ ሌሎቹ አራቱ ይካፈሉታል። ከዋናው ሰንጠረዥ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚያንስ ሌላ የለም ማለት ነው። የሁለቱ ወጣቶች ወረቀት ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው፤ የከፍታና የውድቀቱ ክብደት ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

ጥንካሬ ገባን እንበል፤ ትዳር ግን ለምን? መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ሰንጠረዥ አንድ የኑሮ ጉዳይ ሲያድል ለናቫምሻ የትዳር ጓደኛን ሰጥቶታል። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ምክንያቱን ከዘጠኝ ቁጥር ጋር ያያይዙታል። በሰንጠረዡ ዘጠነኛው ቤት የ«ዳርማ» ቤት ነው፤ ዳርማ ማለት ሰው ሊፈጽመው የተገባ ግዴታ፣ የቀና ኑሮ ማለት ነው። በሂንዱ ባህል ጋብቻ ከሁለት ሰዎች ፍቅር በላይ የዚህ ግዴታ አካል ነው፤ ባልና ሚስት መሥዋዕቱንም አምልኮውንም አብረው ይፈጽማሉ፣ ሚስትም የዳርማ አጋር ተብላ ትጠራለች። ስለዚህ ዘጠነኛውን ክፍል ሲያዩ ሰውየው ግዴታውን ከማን ጋር፣ እንዴት አድርጎ እንደሚሸከም ያዩ ይመስላቸዋል። ለእኛ «ትዳር ሲገቡበት እንጂ ሲያዩት አይታወቅም» ለሚባልበት አገር ሰው፣ ከላይ የሚታየውና ከውስጥ ያለው በሁለት ሰንጠረዥ መለየቱ እንግዳ ሐሳብ አይሆንም።

በሰሜን ህንድ በብዙ ቤተሰብ የሚታወቀው ሌላ ማጣመሪያ አለ፤ ከ36 ነጥብ የሚሰጠው፣ ቢያንስ 18 ያስፈልጋል የሚባለው። ያ ውጤት የሚወጣው የሁለቱ ጨረቃዎች በተገኙበት ቦታ ብቻ ነው፤ ናቫምሻን አይጠይቅም። 30 ያገኙ ጥንዶች «እስቲ ደግሞ ናቫምሻው ይታይ» ሲባሉ የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አባትየው እንመለስ፤ ዋናው ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነውና። ናቫምሻ የሚናገረው ሁለት ዓይነት ነገር ነው፤ አንደኛው የፕላኔቱ ጥንካሬ፣ ሁለተኛው የቤቶቹ አቀማመጥ። ሁለቱ እኩል አይታመኑም።

ቬኑስ በቀን ከአንድ ዲግሪ ጥቂት በላይ ትጓዛለች። 3 ዲግሪ ከሲሶ ለማለፍ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅባታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጣት የተወለደበት ሰዓት በአንድ ሁለት ሰዓት ቢሳሳት እንኳ ቬኑስ በናቫምሻ ሰንቡላ ውስጥ እንዳለች ትቆያለች። ሳተርን ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንዷን ክፍል ለመጨረስ በአማካይ ወደ 100 ቀን ይወስድበታል። በእነዚያ 100 ቀናት በዓለም የተወለደ ሕፃን ሁሉ የሳተርኑ ናቫምሻ አንድ ነው፤ «ሳተርንህ በናቫምሻ ወድቋል» ሲባሉ ከእርስዎ ጋር ስንት ሰው እንደወደቀ ማሰብ አይከፋም።

ላግና ግን ሌላ ፍጥነት አለው። ምድር በመዞሯ ምክንያት በአድማስ ላይ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይወጣል። የናቫምሻ ላግና በአማካይ በየ13 ደቂቃው ይለወጣል ማለት ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች መንትዮች ለምን የተለያየ ዕድል እንደሚገጥማቸው ሲጠየቁ የሚያነሡት አንዱ መልስ ይህ ነው፤ በሩብ ሰዓት ልዩነት የተወለዱ መንትዮች ራሺያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ሆኖ የናቫምሻ ቤቶቻቸው ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ወጣት ወረቀት የልደት ሰዓቱን 5:30 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ላግናው ሰንቡላ 7 ዲግሪ ነው እንበል። ሦስተኛው ክፍል ስለሆነ የናቫምሻ ላግናው ሑት ይሆናል፤ ሰባተኛው ቤትም ሰንቡላ። የወደቀችው ቬኑስ በትክክል በትዳር ቤት ተቀምጣለች፤ ኮከብ ቆጣሪው ፊቱን ያጠቁራል። ልጁ የተወለደው ግን 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢሆንስ? ላግናው ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለሳል፣ የናቫምሻ ላግናው ደለው ይሆናል፣ ቬኑስም ከትዳር ቤት ወጥታ በስምንተኛው ቤት፣ በስውር ነገሮችና በዕድሜ ቤት ትገኛለች። ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ደግሞ ላግናው ሐመል፣ ቬኑስ በስድስተኛው ቤት፣ በጠብና በዕዳ ቤት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት የተለያየ የትዳር ታሪክ ተነገረ።

5:30 የሚለውን ቁጥር እንደገና ይመልከቱት። የተሟላ ግማሽ ሰዓት ነው። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ያለች አዋላጅ ሰዓቷን የምታየው ሕፃኑን ከተቀበለች፣ እትብቱን ካሰረች በኋላ ነው፤ የምትጽፈውም ለመጻፍ የሚቀለውን ነው። በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ የልደት ሰዓት ላይ ተመሥርቶ ስለ ናቫምሻ ሰባተኛ ቤት በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ከወረቀቱ የበለጠ ያውቃል ማለት ነው። በዘርፉ ውስጥ ያሉ ጠንቃቃ ሰዎችም ይህን ያውቁታል፤ ከእነሱ መካከል ናቫምሻ የፕላኔት ጥንካሬን ለማየት ብቻ እንጂ ቤት ለመቁጠር አይሆንም የሚሉ አሉ።

ሌላም መንሸራተቻ አለ። የህንድ ቆጠራ ኮከቦቹን የሚለካው ከምዕራባውያኑ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ስቦ ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወለደ ሰው በምዕራቡ መጽሔት ሐመል ሲባል በህንዱ ሑት የሚሆነው ለዚህ ነው። መጠኑ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ግን ህንዶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በሰፊው የሚሠራበት የላሂሪ መለኪያ ነው፤ ሌላው የታወቀ የራማን መለኪያ ከእሱ ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ይለያል። ያ ለራሺ ትንሽ ነው፤ ለ3 ዲግሪ ከሲሶ ክፍል ግን ግማሽ ሊሞላ የቀረበ ነው። ሁለት ኮከብ ቆጣሪ ሁለት ዓይነት ናቫምሻ ቢያወጡ አንዳቸው የግድ ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

እርስዎም ለማወቅ ጓጉተው ስልክዎ ላይ ሊሞክሩት ከሆነ ከእኛ አገር ሰው የሚጠበቅ አንድ የተለየ ስህተት አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል የተወለደ ሰው 11:30 ብሎ ካስገባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ። በስድስት ሰዓት ጨረቃ አንድ ሙሉ የናቫምሻ ክፍል ለመጨረስ ጥቂት የቀረውን ያህል ትጓዛለች፤ ላግናውማ ወደ ሦስት ኮከብ ይሸሻል። የሚያነቡት የእርስዎን ሳይሆን በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ የተወለደ የሌላ ሰው ወረቀት ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ፈረንጅ መለወጥ አይዘንጉ።

ይህ ሁሉ የተጣራ ስሌት እውነት ይናገራል ወይ? ህንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጃያንት ናርሊካር በ2008 እ.ኤ.አ. በማሃራሽትራ ግዛት ፈተና አዘጋጅተው ነበር። ለኮከብ ቆጣሪዎች የልጆች የልደት መረጃ ተሰጣቸው፤ የትኛው ልጅ በትምህርቱ ብሩህ፣ የትኛው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት እንደሆነ እንዲለዩ ተጠየቁ። 27 ኮከብ ቆጣሪዎች እያንዳንዳቸው 40 ወረቀት አይተው መለሱ። ከሁሉ የተሻለው 24ቱን አገኘ፤ አማካዩ 46 በመቶ ነበር። ሳንቲም ቢወረወር 50 በመቶ ይገኛል። ፈተናው ስለ ትዳር አልነበረም፤ ናቫምሻን ለብቻው አልመዘነም። የትዳርን ያህል ውስብስብ ጉዳይ ከዚህ በተሻለ ያነቡታል ብሎ ለመጠበቅ ግን ምክንያት አላገኘሁም።

በህንድ ቤተሰቦች ዘንድ ስሌቱ ሲጠራጠር የሚወሰድ አንድ መፍትሔ አለ፤ «የልደት ሰዓት ማስተካከል» ይሉታል። ኮከብ ቆጣሪው ሰውየው መቼ ሥራ እንደያዘ፣ አባቱ መቼ እንደሞቱ፣ ወንድሙ መቼ እንዳገባ ይጠይቅና ሰዓቱን በደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ከታሪኩ ጋር የሚገጥመውን ይመርጣል። ከዚያ በተስተካከለው ሰዓት የወደፊቱን ያነባል። ያለፈውን እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ወረቀት ያለፈውን ቢገጥም አያስደንቅም፤ ስለ መጪው ምስክር መሆን ግን አይችልም። ወላጆች ደግሞ ከዚህ አጠር ያለ መንገድ ያውቃሉ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ራሳቸው ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ልጃቸው ጥሩ ትዳር እንዳያመልጣት።

አባትየው ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ከኮከብ ቆጣሪው ፊት ተቀምጠዋል። መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እነዚህ ልጆች አሥር ደቂቃ ቀድመው ወይም ዘግይተው ተወልደው ቢሆን ከነገርከኝ ውስጥ የትኛው ይለወጣል?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሁለቱ ቬኑስ ጥንካሬ እንደማይለወጥ፣ ስለ ናቫምሻው ሰባተኛ ቤት የተናገረው ግን ሁሉ ሊለወጥ እንደሚችል ይነግራቸዋል፤ አንዲት ፕላኔት ብቻዋን ትዳር እንደማትፈርድም ይጨምርላቸዋል። ሌላው ደግሞ ምንም አይለወጥም ይላቸዋል፤ ወይም ወረቀቱን አጣጥፎ ክፉውን የሚያርቅ ሥርዓት ስንት እንደሚያስከፍል ይነግራቸዋል።